ካሬ ሜትርና ሄክታር ሲቀያየሩ ዜሮ እንዳይጠፋ፡ ቁጥሩን ሁለት ሁለት አድርጎ መቁረጥ

አንድ ጊዜ የአስራ አንድ ቦታ ስፋት ከካሬ ሜትር ወደ ሄክታር ቀይሬ ሰንጠረዥ ሰርቼ ላክሁ። ከመሀላቸው አንዱ 130 በ 65 ሜትር የሆነ ቦታ ነበር፣ ማለትም 8,450 ካሬ ሜትር፣ እና እኔ ሄክታሩ ጋ 8.45 ብዬ ጽፌዋለሁ። ሰንጠረዡ ሁለት ሰው እጅ ላይ አልፎ ማንም ምንም አላለም፣ በኋላ ግን ቦታውን በእግሩ የሚያውቀው ሰውዬ ደወለና "ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ከኳስ ሜዳ ትንሽ ነው የሚበልጠው፣ ስምንት ሄክታር ከየት መጣ?" አለኝ። ልክ ነበር። ትክክለኛው 0.845 ሄክታር ነው፣ እኔ አስር እጥፍ አድርጌ ነበር የላክሁት፣ በዛ ቁጥር ላይ ደግሞ የዘሩም የማዳበሪያውም ሂሳብ ተሰርቶበት ነበር።

ከዛ በኋላ ብዙ ያሰብኩበት ነገር፣ አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር እንደሆነ እኔ በደንብ አውቅ ነበር፣ በእንቅልፌም ብትጠይቁኝ እመልሳለሁ። ስህተቱ ካለማወቅ አልመጣም ማለት ነው፣ እጅና አይን በልማድ ወደ ሌላ ቦታ ሄደው ነው። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው 10,000ን ስለማስታወስ ሳይሆን እያወቅነው ለምን እንደምንስትና በምን አይነት አሰራር እንደማንስት ነው።

መጀመሪያ ለምን እንደምንስት

ሜትርን ወደ ኪሎ ሜትር ስንቀይር ለ 1,000 እናካፍላለን፣ ግራምን ወደ ኪሎም እንደዛው፣ ሊትርን ወደ ሜትር ኩብም እንደዛው። ቀኑን ሙሉ የምንሰራው በሺህ ነው፣ እና ትልቅ ቁጥር ስንጽፍም ኮማዋን የምናስገባው ሦስት አሃዝ እየቆጠርን ነው። አሁን 47,350 የሚለውን ቁጥር እዩት። አይናችሁ ወዲያው የሚቆርጠው ኮማዋ ጋ ነው፣ 47 እና 350። እጃችሁ ኮማዋን ወደ ነጥብ ቢቀይራት 47.35 ሆነ፣ አለቀ፣ አንድ ዜሮ ጠፋ። የሄክታር መቁረጫ ግን ኮማዋ ያለችበት አይደለም፣ አንድ አሃዝ ወደ ግራ ገባ ብሎ በ 4 እና በ 7 መሀል ነው። ያቺ የሺህ ኮማ እንደ ጠቋሚ ጣት የተሳሳተ ቦታ ታሳየናለች፣ እኔም 8,450 ላይ የወደቅኩት በሷ ነው።

ሌላው ስህተት ከዚህ ይብሳል፣ መቶ እጥፍ ነው የሚያስቀይረው። የሄክታር ጎን 100 ሜትር ነው፣ ስለዚህ 100 የሚለው ቁጥር ጭንቅላታችን ውስጥ ከሄክታር ጋር ተጣብቋል፣ እና ሰው ለ 100 ያካፍላል። 100 ግን የአንዱ ጎን ብቻ ነው፣ ስፋቱ የሚገኘው ሁለቱን ጎን አባዝተን ነው፣ መቶ ጊዜ መቶ፣ አስር ሺህ። ስሙ ራሱም ያሳስታል። ሄክቶ ማለት መቶ ነው፣ ግን የምን መቶ? የካሬ ሜትር መቶ አይደለም፣ የአር መቶ ነው። አር የሚባለው መለኪያ በ 1795 የፈረንሳይ የሜትር ህግ ሲወጣ የመሬት መለኪያ ተብሎ የተደነገገ ነው፣ 10 ሜትር በ 10 ሜትር፣ ማለትም 100 ካሬ ሜትር። ሄክታር ማለት ሄክቶ አር፣ መቶ አር፣ ማለትም መቶ ጊዜ መቶ ካሬ ሜትር። ዛሬ አርን ብቻውን የሚጠቀም ብዙ ሰው የለም፣ ግን በካሬ ሜትርና በሄክታር መሀል እንደ ደረጃ ቆማ ታገለግላለችና አትጣሏት፣ ከታች ትጠቅመናለች።

ቋንቋችንም የራሱ ወጥመድ አለው። "ስፋቱ መቶ ነው" ስንል ወርዱን ማለታችን ይሁን ጠቅላላ ቦታውን አይለይም፣ ለሁለቱም "ስፋት" እንላለንና። "መቶ ካሬ ሜትር" እና "በየጎኑ መቶ ሜትር የሆነ ካሬ" ደግሞ በስልክ ተቻኩሎ ሲወራ አንድ ሊመስሉ ይችላሉ፣ የመጀመሪያው 100 ካሬ ሜትር ነው፣ ሁለተኛው 10,000። ሰው ቁጥር በቃል ሲነግራችሁ ሁልጊዜ ሁለቱን ጎን ጠይቁ፣ ስንት በስንት ነው በሉት፣ መልሱ ሁለት ቁጥር ሆኖ ከመጣ መሳሳት በጣም ይቀንሳል።

የግዕዝ ቁጥር ሄክታርን በደንብ ያነባል

እኔን ያዳነኝ አሰራር እዚሁ ፊደላችን ውስጥ የነበረ ነገር ነው። በግዕዝ ቁጥር መቶ ፻ ነው፣ አስር ሺህ ደግሞ ፼ ነው፣ ቀረብ ብላችሁ ብታዩት ፼ ሁለት ፻ ተጣብቀው የተሰሩ ነው፣ መቶ ጊዜ መቶ። አስር ሺህን አባቶች እልፍ ይሉታል። እንግዲህ አንድ ሄክታር እልፍ ካሬ ሜትር ነው፣ ፻ በ ፻ ሲባዛ ፼።

ከዚህም በላይ የግዕዝ አጻጻፍ ቁጥሩን ሦስት ሦስት አያደርግም፣ ሁለት ሁለት እያደረገ ነው የሚቆርጠው፣ እልፍ፣ ከዛ መቶ፣ ከዛ ቀሪው። 47,350ን በግዕዝ ስንጽፈው ፬፼፸፫፻፶ ይሆናል። አራት እልፍ፣ ሰባ ሦስት መቶ፣ ሃምሳ። አሁን ይሄንን እንደ መሬት አንብቡት፣ ከ ፼ በፊት ያለው ሄክታሩ ነው፣ ከ ፻ በፊት ያለው አሩ ነው፣ የቀረው ካሬ ሜትር ነው። 4 ሄክታር፣ 73 አር፣ 50 ካሬ። ምንም አላካፈልንም፣ ዜሮም አልቆጠርንም፣ ቁጥሩን ብቻ ነው ያነበብነው። ይሄ የሚሰራው በአጋጣሚ አይደለም፣ የስፋት መለኪያ ከደረጃ ወደ ደረጃ ሲወጣ ሁልጊዜ በመቶ ነው የሚወጣው፣ ጎኑ አስር እጥፍ ሲሆን ስፋቱ መቶ እጥፍ ይሆናልና፣ መቶ ማለት ደግሞ ሁለት አሃዝ ነው። ርዝመትን ሦስት ሦስት መቁረጥ ይቻላል፣ ስፋትን ግን ሁለት ሁለት።

8,450ን በዚህ አይን ስታዩት ፹፬፻፶ ነው። ፼ የሚባል ምልክት የለውም። እልፍ ከሌለው ሙሉ ሄክታር የለውም ማለት ነው፣ 84 አር ከ 50 ካሬ ብቻ ነው። ያኔ እንዲህ አንብቤው ቢሆን 8.45 የሚል ነገር እጄ አይጽፍም ነበር።

ከካሬ ሜትር ወደ ሄክታር፣ በቅደም ተከተል

አንደኛ፣ ኮማዋን አጥፉ። 47,350 የነበረውን 47350 አድርጋችሁ ጻፉት። ትንሽ ነገር ትመስላለች ግን ከሁሉም በላይ የምትጠቅመዋ እሷ ናት፣ የተሳሳተውን ጠቋሚ ጣት ነው ያነሳችሁት። ኮማዋን ስታጠፉ ደግሞ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ እዩ፣ በብዙ የአውሮፓ አገሮች የሺህ መለያው ነጥብ ነው፣ የአስርዮሹ ደግሞ ኮማ፣ ስለዚህ ከዛ የመጣ ሰነድ ላይ 8.450 m² የሚል ካያችሁ ስምንት ሺህ አራት መቶ ሃምሳ ሊሆን ይችላል። ስንት በስንት እንደሆነ ሰነዱ ላይ ፈልጉ።

ሁለተኛ፣ ከቀኝ ጀምራችሁ ሁለት ሁለት አሃዝ ቁረጡ። 47350 ይሄ 4-73-50 ሆነ። ከቀኝ መጀመር ግዴታ ነው፣ ከግራ ከጀመራችሁ 47-35-0 ይሆንና ሁሉም ይፈርሳል።

ሦስተኛ፣ ከቀኝ ሁለት ጥንድ ቆጥራችሁ ነጥቡን እዛ አድርጉ። 4.7350። ከነጥቡ በግራ ያለው ሄክታር ነው፣ በቀኝ ያለው የመጀመሪያው ጥንድ አር፣ ሁለተኛው ጥንድ ካሬ ሜትር።

አራተኛ፣ ቁጥሩ ትንሽ ከሆነና ጥንዶቹ ካልሞሉ በስተግራ ዜሮ ጨምሩ። ሰው የሚደናበረው እዚህ ነው ስለዚህ ቀስ እንበል። 930 ካሬ ሜትር 9-30 ነው፣ 9 ብቻዋን ጥንድ አይደለችም፣ 09 አድርጓት፣ ከዛ 0-09-30፣ ማለትም 0.0930 ሄክታር። 437 ካሬ 0-04-37፣ 0.0437 ሄክታር። 60 ካሬ 0-00-60፣ 0.0060 ሄክታር። ከነጥቡ በኋላ ሁልጊዜ አራት አሃዝ ይኑር፣ ሂሳቡ እስኪያልቅ ድረስ መጨረሻ ላይ ያሉትንም ዜሮዎች አትጣሉ። 4.735 እና 4.7350 በሂሳብ አንድ ናቸው፣ ግን አራት አሃዝ ሲሆን አይን ጥንዶቹን ያያል፣ ሦስት ሲሆን ደግሞ ያ የሺህ ልማድ ተመልሶ ይመጣል።

ሰነድ ላይ ስፋቱ በሄክታር፣ በአርና በካሬ ተለያይቶ ተጽፎ ካገኛችሁ (የፈረንሳይ የመሬት መዝገብ ዛሬም እንዲህ ነው የሚጽፈው፣ አንዷን ካሬ ሜትር ሳንቲያር ይላታል) ዜሮው ላይ በጣም ተጠንቀቁ። 4 ሄክታር 7 አር 5 ካሬ ማለት 4.75 አይደለም፣ 4.0705 ነው። 4 ሄክታር 5 ካሬ ደግሞ 4.0005 ነው። የግዕዝ ቁጥር እዚህ ላይ ብቻውን አይበቃም፣ ዜሮ የለውምና፣ 40,705 በግዕዝ ፬፼፯፻፭ ነው፣ ባዶ ቦታውን አያሳይም። ለማንበብ ግዕዙን፣ ነጥብ ለማድረግ ግን እያንዳንዱን ጥንድ ሁለት አሃዝ አድርጋችሁ ሙሉ።

ወደ ኋላ፣ ከሄክታር ወደ ካሬ ሜትር

ይሄኛው ቀላል ነው ግን አንድ ህግ አለው፣ ነጥቡን ከማንሳታችሁ በፊት ከነጥቡ በኋላ አራት አሃዝ እስኪሆን ዜሮ ሙሉ። 3.2 ሄክታር መጀመሪያ 3.2000 ይሁን፣ ከዛ ነጥቡን አንሱት፣ 32000። 1.08 ወደ 1.0800፣ ከዛ 10800። 0.075 ወደ 0.0750፣ ከዛ 750። 12.5 ወደ 12.5000፣ ከዛ 125000። የሚያሳስተው ዜሮ እየጨመሩ ነጥቡን በሀሳብ ማንሸራተት ነው፣ ሁለቱን ባንድ ላይ ስንሰራ አንዱን እንረሳለን፣ ስለዚህ መጀመሪያ ሙሉ፣ ቀጥሎ አንሱ።

በቃል ሲነገር ደግሞ "ሁለት ነጥብ አምስት" እና "ሁለት ነጥብ ዜሮ አምስት" በጆሮ በጣም ይቀራረባሉ፣ የመጀመሪያው 25,000 ካሬ ነው ሁለተኛው 20,500፣ ልዩነቱ 4,500 ካሬ። በ 2.5 ውስጥ ያለችው 5 አምስት አር አይደለችም፣ ሃምሳ አር ነች፣ 2.5000 ብላችሁ ስትሞሏት 2-50-00 ሆና ወዲያው ትታያለች።

ስህተቱን በሌላ መንገድ መያዝ

አንድን ሂሳብ በዛው መንገድ ደግሞ መስራት ማረጋገጫ አይደለም፣ መጀመሪያ የሳተ እጅ ሁለተኛም እዛው ይስታል። ሌላ በር ያስፈልጋል፣ እኔ በጣም የምወደው ጎኖቹን ከማባዛት በፊት ለ 100 ማካፈል ነው። ጎኑን በመቶ ሜትር ከለካችሁት ብዜቱ በቀጥታ ሄክታር ነው የሚመጣው፣ ምንም መቀየር የለውም።

አንድ ቦታ 245 ሜትር በ 86 ሜትር ነው እንበል። በመጀመሪያው መንገድ 245 ጊዜ 86 ስንል 21,070 ካሬ ሜትር፣ ኮማዋን አጥፍተን ስንቆርጥ 2-10-70፣ 2.1070 ሄክታር። በሁለተኛው መንገድ 245 ሜትር ማለት 2.45 መቶ ሜትር ነው፣ 86 ሜትር 0.86፣ 2.45 ጊዜ 0.86 ደግሞ 2.107። ሁለቱ መንገዶች ተገናኙ። ካልኩሌተር ባይኖር እንኳ በግምት ሁለት ተኩል መቶ በአንድ ያልሞላ መቶ ስለሆነ መልሱ ሁለት ሄክታር አካባቢ መሆን አለበት፣ 21 ሊሆን አይችልም፣ 0.2ም ሊሆን አይችልም።

ጎኖቹ ከሌሉና ስፋቱ ብቻ ከተሰጣችሁ ካሬ ስር አውጡ፣ ቦታው ሙሉ ካሬ ቢሆን ጎኑ ስንት ሜትር ይሆን ነበር ማለት ነው። የ 21,070 ካሬ ስር 145 ሜትር ገደማ ነው። አሁን ስህተቱን አስገቡበትና እዩት፣ አንድ ሰው 21.07 ሄክታር ቢለው ጎኑ 459 ሜትር ይሆናል፣ 0.2107 ቢለው 46 ሜትር።

እዚህ ጋ ቆም ብሎ ማየት ያለብን ነገር አለ። ስፋቱ አስር እጥፍ ሲሳሳት ጎኑ አስር እጥፍ አይሳሳትም፣ የ 10 ካሬ ስር ያህል ነው፣ ወደ 3.16 እጥፍ። አይናችን መሬት ላይ የሚለካው ጎንን ነው እንጂ ስፋትን አይደለም፣ ለዛ ነው አስር እጥፍ የተሳሳተ ሄክታር ሰው እጅ ላይ ብዙ ጊዜ ሳይነቃበት የሚያልፈው፣ ሲያዩት "ትንሽ የበዛ" ብቻ ነው የሚመስለው። ስለዚህ ሄክታሩን ራሱን እያዩ ያስኬዳል አያስኬድም ማለት አይበቃም፣ ወደ ጎን መልሳችሁ በሜትር ነው መፍረድ ያለባችሁ። ለዚህ አራት ምልክት ብትይዙ ይበቃችኋል፣ በየጎኑ 10 ሜትር የሆነ ካሬ 0.01 ሄክታር፣ 32 ሜትር ገደማ የሆነ 0.1 ሄክታር፣ 100 ሜትር የሆነ 1 ሄክታር፣ 316 ሜትር ገደማ የሆነ 10 ሄክታር። አይናችሁ የለመደው ነገር ካስፈለገ ደግሞ ለአለም አቀፍ ውድድር የሚውል የኳስ ሜዳ በተለምዶ 105 በ 68 ሜትር ነው፣ 7,140 ካሬ፣ 0.7140 ሄክታር። አንድ ሄክታር ከአንድ ሜዳ ይበልጣል፣ አንድ ተኩል ሜዳ ግን አይሞላም። ያ ሰውዬ በስልክ የያዘኝ በዚህ ነው።

"በሄክታር ይሄን ያህል" ሲባል አቅጣጫው ይገለበጣል

ስፋትን በትክክል የቀየረ ሰው መልሶ የሚወድቅበት ቦታ ይሄ ነው። በሄክታር 150 ኪሎ ተብሎ የተሰጠን ነገር ወደ ካሬ ሜትር እናምጣው። ብዙ ሰው "ከሄክታር ወደ ካሬ ሲኬድ በ 10,000 ይባዛል" ብሎ ስለያዘ እዚህም ሊያባዛ ይነሳል፣ ግን ሄክታሩ እዚህ ያለው ከ"በ" በኋላ ነው፣ የሚካፈለው እሱ ነው። ራሳችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፣ 150 ኪሎ እልፍ ካሬ ላይ ሲበተን የአንዷ ካሬ ድርሻ ይበዛል ወይስ ያንሳል? ያንሳል፣ ስለዚህ ይካፈላል። 150 ኪሎ 150,000 ግራም ነው፣ ለ 10,000 ስታካፍሉት 15 ግራም። ባጭሩ ኪሎ በሄክታር ለ 10 ሲካፈል ግራም በካሬ ሜትር ይሆናል፣ ምክንያቱም ከአስር ሺሁ ውስጥ ሺሁን ኪሎው ወደ ግራም ሲቀየር በላው፣ የቀረው አስር ነው። ይቺ 10 የምትሰራው ለኪሎና ለግራም ጥንድ ብቻ ነው፣ ስፋቱን ራሱን ለመቀየር እንዳታውሏት፣ ሰው እንዲህ ሲያደበላልቅ አይቻለሁ።

አሁን የቅድሙን 2.107 ሄክታር ቦታ ሙሉ ሂሳብ እንስራለት። በሄክታሩ መንገድ 2.107 ጊዜ 150፣ 316.05 ኪሎ። በካሬው መንገድ 21,070 ካሬ ጊዜ 15 ግራም፣ 316,050 ግራም፣ ማለትም 316.05 ኪሎ። ሁለቱ መንገዶች በተለያየ ቁጥር ሄደው አንድ ቦታ ከደረሱ ዜሮ አልጠፋም ማለት ነው። ኮማዋ አሳስታን 21.07 ሄክታር ብለን ቢሆን በመጀመሪያው መንገድ 3,160.5 ኪሎ ይወጣ ነበር፣ በሁለተኛው ግን ሄክታሩን ጭራሽ ስለማንነካው 316 ኪሎ እንደሆነ ይቀራል፣ ልዩነቱ ፊት ለፊት ይወጣል። ለዛ ነው ብዙ ገንዘብ ወይ ብዙ ድካም ያለበት ሂሳብ ላይ ሁለቱንም መስራት የማልተወው፣ ሦስት ደቂቃ አይወስድም።

ውሃም በዚሁ አካሄድ ነው፣ አንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው፣ ስለዚህ ሄክታር ላይ 10,000 ሊትር፣ ወይም 10 ሜትር ኩብ።

ሰንጠረዥ ላይ ስትሰሩ

ካሬ ሜትሩ A2 ላይ ካለ ቀመሩ ይሄ ነው፣ 10000 ውስጡ ኮማ የለውም፣ ዜሮዎቹን አንዴ ቁጠሯቸውና ከዛ ወደ ታች ጎትቱት።

```
=A2/10000
```

ማጠጋጋትን መጨረሻ ላይ ብቻ አድርጉ። ከነጥብ በኋላ ያለች እያንዳንዷ አሃዝ መሬት ነች፣ የመጀመሪያዋ በ 1,000 ካሬ ትቆጥራለች፣ ሁለተኛዋ በ 100፣ ሦስተኛዋ በ 10፣ አራተኛዋ በ 1። እስካሁን ያየናቸውን አራት ቦታዎች ውሰዱ፣ 21070፣ 8450፣ 930 እና 437። በካሬ ሲደመሩ 30887 ነው፣ 3.0887 ሄክታር። እያንዳንዱን መጀመሪያ ወደ አንድ አሃዝ አጠጋግታችሁ ብትደምሩ ግን 2.1 እና 0.8 እና 0.1 እና 0.0 ነው፣ 3.0 ሄክታር፣ 887 ካሬ የት እንደገባ አይታወቅም፣ አራተኛው ቦታማ ጭራሽ ከምድር ጠፋ። መጀመሪያ በካሬ ደምሩ፣ አንዴ ቀይሩ፣ ከዛ አጠጋጉ።

ሰንጠረዡ ላይ ደግሞ ጥንዶቹን በአይን ለማየት የሚያስችል ነገር አለ። የካሬ ሜትሩን ኮለም ኮፒ አድርጋችሁ አጠገቡ አስቀምጡና የቁጥር ፎርማቱን ከስተም ውስጥ ገብታችሁ እንዲህ አድርጉት፣

```
0-00-00
```

ቁጥሩ አይቀየርም፣ መልኩ ብቻ ነው የሚቀየረው። 47350 የነበረው 4-73-50 ሆኖ ይታያል፣ 930 ደግሞ 0-09-30፣ ዜሮዎቹን ራሱ ይሞላል። ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርስ ትልቅ ቦታ ካለም ከፊቱ አንድ ጥንድ መጨመር ነው፣ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር መቶ ሄክታር ነውና። ከዛ የሄክታሩን ኮለም በአራት አሃዝ አድርጋችሁ ጎን ለጎን አኑሯቸው፣ ሁለቱ ላይ ያሉት አሃዞች በተራ አንድ አይነት መሆን አለባቸው፣ 4-73-50 እና 4.7350፣ የተለየ ረድፍ ካለ አይናችሁ ላይ ይወጣል።

እኔም ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ያንን ሰንጠረዥ መልሼ ከፍቼ አስራ አንዱንም ረድፍ በዚህ ፎርማት አደረግኳቸው። 8450ኛው 0-84-50 ብሎ ከ 8.4500 ጎን ተቀመጠ፣ እሱን ጠብቄው ነበር። ወደ ታች ስወርድ ግን ሌላም አገኘሁ፣ 0-09-30 የሚል ረድፍ አጠገቡ 0.9300 ተብሎ ተጽፏል፣ ጎኑ 30 ሜትር ገደማ የሆነ ግቢ አንድ ሄክታር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ተደርጎ፣ እና ሰውዬው ባይደውል ኖሮ ሁለቱም አብረው ይሄዱ ነበር።